የሚዛን ንባብና የውጤት አጻጻፍ፦ የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ውሃ እንደ ምሳሌ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተምሥራቅ ዓባያና ጫሞ የተባሉት ሐይቆች የእግዜር ድልድይ በሚባለው ከፍተኛ ምድር ተለያይተው ይገኛሉ። ከሁለቱ ሐይቆች በየትኛው ውሃ ውስጥ ብዙ ጨው እንደሟሟ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል ለመመርመር ይቻላል። ውሃው ይለካል፤ በሳህን ላይ እንዲተን ይደረጋል፤ የቀረው ደረቅ ነገር ይመዘናል። ሥራው ቀላል ቢሆንም፣ ከሚዛኑ የተነበበው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ካልታወቀ ውጤቱ የተሳሳተ ፍርድ ያሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው።

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ባዶውን ሳህን 46.32 ግራም ቢያሳይ፣ እውነተኛው ክብደት ከ46.31 እስከ 46.33 ባለው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ንባብ አራት ጉልህ አኃዞች አሉት፤ የመጨረሻው አኃዝ አጠራጣሪ ነው። ሚዛኑ 46.30 ቢያሳይም ዜሮው መጻፍ አለበት፤ ዜሮው ከቀረ አንባቢው ሚዛኑ እስከ 0.1 ግራም ብቻ የሚያነብ ይመስለዋል።

አንድ የተማሪዎች ቡድን 98 ሚሊ ሊትር የጫሞ ውሃ አትንኖ ሳህኑን ከነቅሪቱ 46.43 ግራም ሆኖ ቢያገኘው፣ የቅሪቱ ክብደት 0.11 ግራም ይሆናል። እያንዳንዱ ንባብ አራት ጉልህ አኃዞች ሲኖሩት ልዩነታቸው ግን የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከፊት ያሉት ዜሮዎች አይቆጠሩምና። በሌላ በኩል አጠራጣሪነቱ አልቀነሰም። ሁለት ጊዜ ስለተነበበ፣ ቢበዛ 0.01 በ0.01 ላይ ተደምሮ 0.02 ግራም ይደርሳል። ይህም ከቅሪቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በመቀነስ ሥራ ጉልህ አኃዞች የሚጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

ተማሪው 0.11ን ለ0.098 ሊትር ሲያካፍል የሒሳብ መኪናው 1.122449 ያሳየዋል። ውሃው የተለካበት ሲሊንደር 1 ሚሊ ሊትር ቢሳሳት ስሕተቱ ከመቶ አንድ ያህል ስለሆነ፣ የውጤቱን ወሰን የሚወስነው ሚዛኑ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ በሊትር 1.1 ± 0.2 ግራም ነው፤ የቀሩት አኃዞች ከልኬቱ የመጡ አይደሉም።

ከዓባያ ውሃ በዚሁ መጠን 0.09 ግራም ቢገኝ ውጤቱ 0.9 ± 0.2 ይሆናል። የጫሞው ውጤት ከ0.9 እስከ 1.3፣ የዓባያው ከ0.7 እስከ 1.1 ስለሚደርስ ሁለቱ ይደራረባሉ። ከዚህ ልኬት ተነሥቶ «ጫሞ ይበልጣል» የሚል ተማሪ ልኬቱ ያልሰጠውን ፍርድ ሰጥቷል፤ «በዚህ ሚዛን አልተለየም» ያለው ግን በትክክል መልሷል።

መፍትሔው የግድ ውድ ሚዛን መግዛት አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በዚያው ሳህን ቢተን ቅሪቱ ዐሥር እጥፍ ያህል ያድጋል፤ የሚዛኑ አጠራጣሪነት ግን ያው 0.02 ግራም ነው። ከጫሞ 1.08፣ ከዓባያ 0.87 ግራም ቢገኝና ለውሃው ልኬት ስሕተት 0.01 ቢጨመር፣ ውጤቶቹ 1.08 ± 0.03 እና 0.87 ± 0.03 ይሆናሉ። አሁን አይደራረቡም።

ሳህኑ ግን ሳይቀዘቅዝ መመዘን የለበትም። ትኩስ ሳህን በዙሪያው ያለውን አየር አሙቆ ወደ ላይ ስለሚያስነሣው ሚዛኑ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። በአንጻሩ ቅሪቱ ክፍት ሆኖ ብዙ ከቆየ፣ በተለይ እንደ ጨንቻ ባለው እርጥብ ደጋ፣ እርጥበት ስቦ ይከብዳል። ስለዚህ ማሞቁ፣ ማቀዝቀዙና መመዘኑ ሁለት ተከታታይ ንባቦች ከ0.01 ግራም በላይ እስካይለያዩ ድረስ ይደጋገማል።

በ± ምልክት የሚጻፈው ቁጥር ሁሉንም ስሕተት አያጠቃልልም። የዓባያ ውሃ ቀላ ያለ መልክ ያለው በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ ጭቃ ምክንያት ሲሆን፣ ከዚህም ከፊሉ በማጣሪያ ወረቀት ያልፋልና ከጨው ጋር ይመዘናል። እንዲሁም በውሃው ያለው ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ በከፊል ስለሚያመልጥ፣ ቅሪቱ ከሟሟው ጨው ያነሰ ይሆናል። ልኬቱ መቶ ጊዜ ቢደገምም እነዚህ አይታረሙም። ስለሆነም የተማሪው ዘገባ «የሐይቁ ጨው» ከማለት ይልቅ፣ «ከአንድ ሊትር የተጣራ የጫሞ ውሃ የቀረ ደረቅ ነገር 1.08 ± 0.03 ግራም» ብሎ፣ የሚዛኑን የንባብ ወሰንና ውሃው የተጣራበትን መንገድ ጨምሮ ሊጻፍ ይገባዋል።