«እንደ አዲስ ነው» የማይል የብስክሌት ማስታወቂያ

ያገለገለ ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ «እንደ አዲስ ነው፣ ዋጋው በድርድር» ብሎ ያበቃል። ገዢው ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። በብስክሌት ሥራ ሲመላለስ ከርሞ፣ አሁን ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ለሚዛወር ሰው ይህ አጻጻፍ ራሱን ይጎዳዋል። ጓዙን እየሸከፈ፣ መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ ለሚመለስ ሰው ሁሉ በር መክፈት ይሆናል ሥራው።

ትልቁ ጣጣ ያለው ማርሹ ላይ ነው። «21 ማርሽ» ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርሳም ክቦች አሉት ማለት እንጂ ሁሉም ይሠራሉ ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብዙው ነጂ አንድ ሁለቱን ብቻ ይጠቀማል፤ የሚበሉትም እነዚያው ናቸው። ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንዱ የካቴና ሚስማር መሃል ተነስቶ ቀጥሎ ያለውን አንድ እያሉ 24ኛው መሃል ድረስ ሲለካ፣ አዲስ ካቴና 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 30.8 ከደረሰ አልቋል፤ ምናልባትም የኋላውን ጥርስ ይዞት ሄዷል። በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ቢገጠም ፔዳሉ ሲረገጥ ይዘላል፤ ስለዚህ «ካቴናው አዲስ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን አያስተማምንም።

ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ በላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ መቀየር አለበት። እሱስ ቀላል ወጪ ነው። የቸርኬው ጎን በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን ብረቱ ሳስቷል፤ የጎማው ንፋስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ይህ አይደበቅም።

የጎማው ቁጥር ከጎኑ ላይ እንዳለ ይገለበጥ። «26» ማለት ብቻ ያሳስታል፦ 50-559 የሚለውም 37-590 የሚለውም «26» ነው የሚባሉት፣ አንዱ ግን በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም።

እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦

«የሚሸጥ ብስክሌት፣ ባሕር ዳር። ከተማ ስለምቀይር ነው። 21 ማርሽ፤ ሁሉም ይገባሉ፣ ከኋላ ትንሹ ላይ ግን በኃይል ሲረገጥ ይዘላል። ካቴናው 30.8 ስለደረሰ ከኋላ ጥርሱ ጋር መቀየር አለበት፤ ዋጋው ላይ ቀንሼዋለሁ። የፊት ፍሬን ላስቲክ አዲስ፣ የኋላው ቦዩ ሊጠፋ ነው። ቸርኬዎቹ ደህና። ጎማ 50-559፤ የኋላው ጎኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ ካላማዳሪያው ሁለት ቦታ ተለጥፏል።»

ገዢ ከሆኑ ደግሞ በሜዳ ብቻ ነድተው ብር አይክፈሉ። በቤዛዊት ዳገት ይሞክሩት፤ የሚዘል ማርሽ እዚያ ይታወቃል፣ ፍሬኑም ሲመለሱ።