በካሊፎርኒያ ምግብ ቤት ሥራ ሲጀመር

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ምግብ ቤት የሚቀጠር አዲስ መጤ በቅድሚያ የምግብ አያያዝ ካርድ ያስፈልገዋል። ካርዱ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ መገኘት አለበት፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። አጭር ሥልጠና ተወስዶ ፈተናው ቢያንስ በ70 በመቶ ይታለፋል። ከ2024 ጀምሮ የሥልጠናውንና የፈተናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል፤ የወሰደውንም ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ቆጥሮ ይከፍላል። ስለዚህ ወጪው ከደመወዝ ላይ ከተቆረጠ ሠራተኛው መጠየቅ ይገባዋል።

በመስተንግዶ በኩል ደንበኛው አስተናጋጁን እስኪጠራ አይጠበቅም። አስተናጋጁ ሰላምታ ሰጥቶ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ምግቡ ከቀረበ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ተመልሶ የጎደለ ነገር እንዳለ ይጠይቃል። አለመመለሱ እንደ ቸልተኝነት ይታያል።

ጉርሻ ግዴታ ባይሆንም፣ በገበታ አገልግሎት ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው። የ60 ዶላር ሂሳብ 18 በመቶ 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ደንበኛው በካርድ ቢከፍልም አሠሪው ለባንክ አገልግሎት ብሎ ከዚህ ላይ መቀነስ አይችልም። በአንዳንድ ግዛቶች ጉርሻ የዝቅተኛው ደመወዝ ማሟያ ይሆናል፤ በካሊፎርኒያ ግን ሙሉው ደመወዝ ለብቻው ይከፈላል። በአንድ ወር ከአንድ አሠሪ ዘንድ 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ጉርሻ ያገኘ ሠራተኛ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ ጉርሻም ግብር ያለበት ገቢ ነውና በየዕለቱ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።