ለንደን ላይ ያለፈ ዓረፍተ ነገር ኒው ዮርክ ላይ ሲያጠራጥር

የብሪታንያና የአሜሪካ እንግሊዝኛ ልዩነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ቃላት ነው። የፎቁን አሳንሰር አንዱ «ሊፍት»፣ ሌላው «ኤሌቬተር» ይለዋል፤ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ይህን ወዲያው ያገኘዋል። የሰዋስው ልዩነት ግን እንዲህ ፊት ለፊት አይታይም። ቃላቱ ሁሉ የታወቁ ሆነው፣ አንዱ አንባቢ ሳይጠራጠር ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ቆም ብሎ ደግሞ ያነበዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ጥርጣሬው በሁለቱም ወገን እኩል አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ቦታ ብሪታንያውያን ሁለት ዓይነት አነጋገር ሲቀበሉ አሜሪካውያን አንዱን ብቻ ይቀበላሉ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

ቀላል ከሆነው ለመጀመር፣ አንድ አለቃ ሠራተኛው ሪፖርቱን ጨርሶ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ እንበል። ለንደን ውስጥ ከሆነ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት ዬት?» ብሎ ይጠይቃል። ኒው ዮርክ ውስጥም ይኸው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አለቃው «ዲድ ዩ ፊኒሽ ዘ ሪፖርት ዬት?» ቢልም የሚገረም የለም። የመጀመሪያው ለአማርኛው «ጨርሰሃል?»፣ ሁለተኛው ለ«ጨረስክ?» ይቀርባል። በብሪታንያ የቆየው ደንብ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ዬት» የሚሉት ቃላት ያለፈውን ድርጊት ከአሁኑ ሰዓት ጋር ስለሚያያይዙት «ሃቭ» የሚለው ረዳት ግስ አብሯቸው መምጣት አለበት የሚል ነው። አሜሪካውያን በተለይ በንግግር ረዳቱን ጥለው በተራ ኃላፊ ጊዜ ይናገራሉ። ስለዚህ ባለ «ሃቭ»ው በሁለቱም ዘንድ ያለ ጥርጥር ያልፋል፤ ያለ «ሃቭ» የመጣው ግን የለንደን መምህር ቀይ እስክሪብቶ ሊያርፍበት ይችላል።

ይህ ማለት አሜሪካውያን «ሃቭ»ን ትተውታል ማለት አይደለም። አንድ ሰው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ሲል አሥር ዓመት እንደኖረና አሁንም እዚያው እንዳለ ይናገራል፤ «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ሲል ግን ኖሮ ለቋል። ይህ ልዩነት በሁለቱም አገር ያው ነው። በሁለቱም ስህተት የሚሆነው ደግሞ ያለቀ ጊዜ እየጠቀሱ «ሃቭ»ን መጨመር ነው፤ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» በየትኛውም ወገን ተቀባይነት የለውም። አማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለትን ስለሚፈቅድ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ በቀላሉ እዚህ ስህተት ላይ ይወድቃል፤ አሜሪካዊ አነጋገር ነው ብሎ መከራከርም አያዋጣውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቡድንን የሚያመለክት ስም ነው፦ ቡድን፣ ኮሚቴ፣ መንግሥት፣ ቤተሰብ፣ ኩባንያ። ቃሉ ነጠላ ሲሆን በውስጡ ያሉት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። አሜሪካውያን የሚከተሉት የቃሉን መልክ ስለሆነ «ዘ ቲም ኢዝ ሬዲ» ይላሉ። ብሪታንያውያን ይህንንም «ዘ ቲም አር ሬዲ»ንም ይላሉ፤ ምርጫው የሚወሰነው ተናጋሪው በልቡ በያዘው ሥዕል ነው። ኮሚቴው በአንድ ቀን ተቋቋመ ሲባል የሚታሰበው አንድ አካል ስለሆነ ግሱ ነጠላ ይሆናል። ኮሚቴው እርስ በርሱ መስማማት አቃተው ሲባል ግን የሚጨቃጨቁት ሰዎቹ ስለሆኑ ግሱ ብዙ ይሆናል። አሜሪካዊ አንባቢ የኋለኛውን ሲያይ የግሱና የባለቤቱ ስምምነት የፈረሰ ይመስለዋል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በእንግሊዝኛ የሚከታተል ሰው «አርሰናል አር ፕሌይንግ ዌል» የሚለውን ሳያስተውለው ለምዶት ይሆናል። ቢቢሲ ለጋዜጠኞቹ ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ኩባንያዎችና መንግሥታት በነጠላ ግስ ይጻፋሉ፤ የስፖርት ቡድን ግን ሜዳ ላይ ሲሆን በብዙ፣ ስለ ንግዱ ሲወራ በነጠላ ይሆናል። ስለዚህ ያው አርሰናል በስፖርት ገጽ «አር»፣ በቢዝነስ ገጽ «ኢዝ» ሊሆን ነው። አሜሪካውያንም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነጻ አይደሉም። የቅርጫት ኳስ ቡድኖቻቸው አብዛኞቹ ስማቸው በብዙ ቁጥር ስለሆነ ግሱም ብዙ ነው፤ «ማያሚ ሂት» እና «ዩታ ጃዝ» ግን ስማቸው ነጠላ ሆኖ ሳለ እንደሌሎቹ በ«አር» ይነገርላቸዋል። ከተማዋ ብቻ ስትጠቀስ ግሱ ተመልሶ ነጠላ ይሆናል፤ «ማያሚ ኢዝ» ይባላል። «ፖሊስ» የሚለው ቃል ግን በሁለቱም አገር ብዙ ስለሆነ «ዘ ፖሊስ ኢዝ» የትም አያስኬድም።

እስካሁን የታዩት ልዩነቶች ጆሮ ይኮረኩራሉ እንጂ ትርጉም አያዛቡም። ሦስተኛው ግን አንዳንዴ ትርጉሙን ራሱ ይለውጣል፤ አማርኛ ተናጋሪም ከሌላው ቀድሞ ሊረዳው ይችላል። አንዲት ታማሚ መድኃኒቷን መውሰድ እንዳለባት ሐኪሙ አጥብቆ አዘዘ እንበል። አሜሪካዊው ጸሐፊ «ዘ ዶክተር ኢንሲስትድ ዛት ሺ ቴክ ዘ ሜዲሲን» ይላል። እዚህ ላይ «ቴክ» የሚለው ግስ ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሆና ሳለ «ቴክስ» አልሆነም፤ ነገሩ ያለፈ ሆኖ ሳለም «ቱክ» አልሆነም። ግሱ ራቁቱን የቀረው ድርጊቱ ስላልተፈጸመና የተፈለገ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ሰዋስው የምኞትና የትእዛዝ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል።

ብሪታንያዊው ጸሐፊ በፊቱ ሦስት መንገድ አለው። አሜሪካዊው ያለውን ሊጽፍ ይችላል፤ «ሹድ» የሚለውን ረዳት ጨምሮ «ዛት ሺ ሹድ ቴክ» ሊል ይችላል፤ ወይም ተራውን ኃላፊ ግስ ወስዶ «ዛት ሺ ቱክ ዘ ሜዲሲን» ይላል። ጣጣው ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። አሜሪካዊ ይህን ሲያነብ ሐኪሙ ታማሚዋ መድኃኒቱን እንድትወስድ አዘዘ ብሎ ሳይሆን እንደወሰደች ተከራከረ ብሎ ይረዳዋል። አማርኛ «እንድትወስድ» እና «እንደወሰደች» ብሎ በግልጽ የሚለያቸውን ሁለት ሐሳቦች አንድ ብሪታንያዊ ዓረፍተ ነገር ይሸከማቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ነው። በሕክምና መዝገብ ወይም በፍርድ ቤት ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዲህ ያለ አሻሚነት ተራ ነገር አይደለም።

አሉታ ሲመጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አሜሪካዊው «ዛት ሂ ኖት ጎ» ሲል «ኖት» ያለ ምንም ረዳት ከግሱ ፊት ይቆማል፤ ይህን ያልለመደ ብሪታንያዊ ጆሮ አንድ ቃል የተዘለለ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ነገሩ ያሁን ሆኖ ባለቤቱ «አይ»፣ «ዩ»፣ «ዊ» ወይም «ዜይ» ሲሆንና አሉታ ሳይኖር ከ«ቢ» ግስ በስተቀር ሁለቱ አንቀጾች መልካቸው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም። ለዚህም ነው አንድ ሰው ብዙ ገጽ አንብቦ ነገሩን ላያስተውለው የሚችለው።

ይህ አንቀጽ አሜሪካውያን የፈጠሩት አዲስ ነገር አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ የነበረ ሲሆን በብሪታንያ ቀስ በቀስ ተዳከመ። የእንግሊዝ የቋንቋ አጠቃቀም ዳኛ ተደርጎ ይታይ የነበረው ፋውለር በ1926 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከጥቂት አገባቦች በስተቀር ሊሞት የተቃረበ ነው ብሎ ፈርዶበት ነበር። ፍርዱ ፈጥኗል። አሜሪካ ውስጥ ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1961 ከታተሙ ጽሑፎች አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ሰብስቦ ነበር፤ በኋላም የላንካስተርና የኖርዌይ ምሁራን በዚያው ዓመት ከታተሙ የብሪታንያ ጽሑፎች ተመሳሳይ ስብስብ አዘጋጁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሜሪካውያኑ ራቁቱን ግስ፣ ብሪታንያውያኑ «ሹድ»ን እንደሚያዘወትሩ በግልጽ ታየ። ስለ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተዘጋጁት ተከታይ ስብስቦች ግን አንቀጹ ብሪታንያ ውስጥ ሲያንሰራራ ይታያል፤ ለዚህም ብዙ ምሁራን የአሜሪካንን ተጽዕኖ ይጠቅሳሉ።

እዚህ ላይ ደንቡን የተማረ ሰው ራሱ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። «ሰጀስት» የሚለው ግስ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ሳይሆን ማመልከትም ነው። ማስረጃው ሰውዬው ቀደም ብሎ እንደሄደ ያመለክታል ሲባል ማንም ምንም አላዘዘም፤ የሚነገረው የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ በሁለቱም አገር ተራው ግስ ይገባል፤ ራቁቱን ግስ እዚህ ማስገባት አሜሪካዊ ለመምሰል ተብሎ የሚሠራ ስህተት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ሐሳቡ አማርኛ ላይ «እንዲ» ካለ ራቁቱ ግስ፣ «እንደ» ካለ ተራው ግስ።

«ጎት» እና «ጎትን» ላይ ደግሞ ጠባቡ በር የብሪታንያ ነው። አሜሪካዊ «አይቭ ጎት ኤ ካር» ሲል መኪና አለኝ ማለቱ ነው፤ «አይቭ ጎትን ኤ ካር» ሲል መኪና አግኝቻለሁ፣ ገዝቻለሁ ማለቱ ነው። ብሪታንያዊ ለሁለቱም «ጎት»ን ይጠቀማል። አንድ ታማሚ እየተሻለው እንደመጣ ለመናገር «ሂዝ ጎት ማች ቤተር» ማለት ለንደን ላይ ትክክል ሲሆን፣ አሜሪካዊ አራሚ ግን «ጎትን» ብሎ ያስተካክለዋል። ብዙ ብሪታንያውያን «ጎትን»ን የአሜሪካ ብልሽት አድርገው ያዩታል፤ ቃሉ ግን ከእንግሊዝ ራሷ በመርከብ የሄደ ነው። እናት አገሩ ስትረሳው ቅኝ ግዛቱ አቆየው።

አንድ ትንሽ ልዩነት ይቀራል፤ እሱም በአጭር መልስ ላይ ነው። ነገ ትመጣለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ብሪታንያዊ ምናልባት ለማለት «አይ ማይት ዱ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። አሜሪካዊው «አይ ማይት» ብሎ ያበቃል፤ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ዱ» ለጆሮው ትርፍ ናት። ብሪታንያዊው አጭሩንም ስለሚል፣ «ዱ»ን የተወ ሰው በሁለቱም አገር አራሚ አያገኘውም።