አንድ መልእክት በአምስት ፎልደር

በጂሜይል አድራሻ የመጣ አንድ መልእክት እንደ ተንደርበርድ ወይም አውትሉክ ባለ ኮምፒውተር ላይ በሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም ሲከፈት በሁለትና በሦስት፣ አንዳንዴም በአምስት ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ተጠቃሚው በአብዛኛው የሚጠረጥረው ላኪው ደጋግሞ እንደላከው ወይም ፕሮግራሙ እንደተበላሸ ነው። ሁለቱም አይደሉም። ጂሜይል ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት መንገድና ፕሮግራሙ ደብዳቤ የሚጠይቅበት መንገድ ስለማይመሳሰሉ ነው።

የኢሜይል ፕሮግራሞች ከሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት አይማፕ የተባለው ሥርዓት መነሻው 1986 ነው፤ ያዘጋጀው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ ክሪስፒን ነበር። በአይማፕ አሠራር መልእክት የሚኖረው በፎልደር ውስጥ ነው፤ ሁለት ፎልደር ውስጥ የታየ ነገር ሁለት መልእክት ነው። ጂሜይል ሚያዝያ 2004 ላይ ሲጀመር ግን ፎልደር የሚባለውን ነገር ተወው። ሁሉንም መልእክት በአንድ ትልቅ ክምችት አስቀምጦ በላዩ ላይ ሌብል ይለጥፋል፤ ለአንድ መልእክት የፈለጉትን ያህል ሌብል መስጠት ይቻላል። ኢንቦክስ እንኳ ራሱ ሌብል ነው። መልእክትን አርካይቭ ማድረግ ማለትም የኢንቦክስን ሌብል ከመልእክቱ ላይ ማንሳት እንጂ መልእክቱን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አይደለም። አንድ ሰው በቤት ስሙ፣ በመዝገብ ስሙና በክርስትና ስሙ ቢጠራ ሦስት ሰው እንደማይሆነው ሁሉ፣ ሦስት ሌብል ያለው መልእክትም አንድ ነው።

ጂሜይል በጥቅምት 2007 አይማፕን ሲፈቅድ እነዚህን ሌብሎች ፎልደር ብቻ ለሚያውቅ ፕሮግራም ማሳየት ነበረበት። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ሌብል እንደ ፎልደር ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ ሌላ ከስፓምና ከተጣሉት በስተቀር ሁሉንም የሚይዝ `[Gmail]/All Mail` የሚባል ፎልደር ታከለ። መደጋገሙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል 6 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል የተያያዘበት የክፍያ ደረሰኝ ይምጣ እንበል። ተቀባዩ «ደረሰኝ» የሚል ሌብል ይሰጠዋል፤ እንዳይረሳውም ኮከብ ያደርግበታል። ጂሜይል በበኩሉ አስፈላጊ ነው ብሎ ምልክት ያኖርበታል። ይህ መልእክት በኢሜይል ፕሮግራሙ ውስጥ በኢንቦክስ፣ በ«ደረሰኝ»፣ በ`Starred`፣ በ`Important` እና በ`All Mail` ይታያል። ፕሮግራሙ አምስቱን ለየብቻ አውርዶ ካስቀመጠ በኮምፒውተሩ ላይ 30 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በጂሜይል የነፃ ቦታ ላይ ግን የሚቆጠረው አንዴ፣ ማለትም 6 ሜጋባይት ብቻ ነው። በድረ ገጹ ወይም በስልኩ የጂሜይል መተግበሪያ ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው ሌብሎቹን እንደ ሌብል ስለሚያይ ይህ ግራ መጋባት አያጋጥመውም።

ሰርቨሩ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ ያውቃል። በአይማፕ እያንዳንዱ መልእክት በየፎልደሩ የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢንቦክሱ ቁጥር ከ`All Mail` ቁጥር ጋር አይመሳሰልም። ጂሜይል ከዚህ በተጨማሪ በየትኛውም ፎልደር የማይለወጥ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል። ፕሮግራሙ ከጠየቀ መልሱ ይህን ይመስላል፤

```
A1 SELECT "INBOX"
A2 UID FETCH 4127 (X-GM-MSGID)
* 310 FETCH (X-GM-MSGID 1278455344230334865 UID 4127)
A3 SELECT "[Gmail]/All Mail"
A4 UID FETCH 9856 (X-GM-MSGID)
* 802 FETCH (X-GM-MSGID 1278455344230334865 UID 9856)
```

4127 እና 9856 የተለያዩ ናቸው፤ ረጅሙ ቁጥር ግን አንድ ነው። ይህን ቁጥር መጠየቅ የሚያውቅ ፕሮግራም መልእክቱን ደግሞ ከማውረድ ሊድን ይችላል። ቁጥሩ ጂሜይል ከራሱ የጨመረው እንጂ የአይማፕ አካል ስላልሆነ ግን የማይጠይቁትም አሉ፤ ለእነሱ አምስቱም አምስት ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከዲስክ ቦታ ያለፈ ጉዳት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ሲሰረዝ ነው። መልእክቱን ከ«ደረሰኝ» ፎልደር ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወር አንዱን ሌብል አንስቶ ሌላውን ይለጥፋል፤ መቅዳት ደግሞ ሌብል ይጨምራል። መሰረዝ ግን ፕሮግራሙ «ሰርዝ» ሲባል በሚያደርገው ነገር ይለያያል። ተንደርበርድ በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ ምርጫ ይሰጣል። መልእክቱ ወዲያውኑ ከፎልደሩ እንዲወገድ ከተመረጠ የሚጠፋው የዚያ ፎልደር ሌብል ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ከኢንቦክስ ቢጠፋም በሌሎቹ አራት ቦታዎች ይቀራል። «ሰርዤው እንደገና መጣ» የሚባለው ስሞታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ወደ `[Gmail]/Trash` እንዲዛወር ከተመረጠ ግን መልእክቱ ከአምስቱም ቦታ ይጠፋና ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ይሰረዛል።

ተደጋጋሚ መልእክት አጽጂ የሚባሉ ተጨማሪ መሣሪያዎች በጂሜይል አካውንት ላይ አደገኛ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው በየመልእክቱ ራስጌ ላይ ያለውን `Message-ID` ያነጻጽራል፤ በአምስቱ ፎልደር አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል፤ አንዱን አስቀርቶ አራቱን ወደ `Trash` ይልካል። የመጀመሪያው ሲላክ አምስተኛውም አብሮ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም አንድ ነበር። በዚህ መንገድ ደረሰኙን ያጣ ሰው 30 ቀኑ ሳይሞላ በድረ ገጹ ወደ `Trash` ገብቶ ሊመልሰው ይችላል።

እውነተኛ ድግግሞሽ መኖሩን ለማወቅ `All Mail`ን መመልከት ይበቃል። እዚያ እያንዳንዱ መልእክት፣ የፈለገው ያህል ሌብል ቢኖረው፣ አንዴ ብቻ ይታያል። ደረሰኙ በ`All Mail` አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የታየው ሌብል ነው፤ መሰረዝ ያለበት ነገር የለም። ሁለት መስመር ሆኖ ከተገኘ ግን በእርግጥ ሁለት መልእክት አለ፤ ላኪው ሁለት ጊዜ ልኮት ይሆናል።

በፕሮግራሙ ውስጥ መደጋገሙን መቀነስ የሚፈልግ ሰው የሚነካው ፕሮግራሙን ሳይሆን ጂሜይልን ነው። በድረ ገጹ የማስተካከያ ገጽ ውስጥ `Labels` በሚለው ክፍል ከሌብሎች አጠገብ `Show in IMAP` የሚል ሳጥን አለ። በ`Important` እና በ`Starred` አጠገብ ያለውን ምልክት ማንሳት ጉዳት የለውም፤ ሁለቱም ፎልደሮች በሌላ ቦታ የማይገኝ መልእክት አይዙም። ደረሰኙ በዚህ ከአምስት ወደ ሦስት ይወርዳል።

`All Mail`ን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አርካይቭ ተደርጎ ምንም ሌብል የሌለው መልእክት በፕሮግራሙ ውስጥ የሚታየው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ከተደበቀ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ አይገኝም። መሰረዙም ይለያል፤ ጂሜይል በነባሪ አቀማመጡ ከመጨረሻው ከሚታይ ፎልደር የተወገደን መልእክት አርካይቭ ያደርገዋል እንጂ አይጥለውም። ስለዚህ የመጨረሻው ሌብሉ የተነሳለት ደረሰኝ በፕሮግራሙ ውስጥ ጨርሶ የጠፋ ይመስላል፤ በድረ ገጹ ሲፈለግ ግን ሳይነካ ይገኛል፣ ቦታም መያዙን አይተውም።