እሑድ ዕጣ ነው

«እማማ፣ ባንኩ ስልክሽ ላይ ተጭኖልሽ እያለ አሁንም እቁብ ትጥያለሽ?» አለ ልጁ። ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ ነው።

አያትየው መርካቶ በርበሬ ትሸጣለች። እቁቧ 20 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላል፣ እሑድ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው 20,000 ብር ይወስዳል።

«እስቲ በስልክህ አስላው። ሳምንት ሳምንት 1,000 እያስቀመጥኩ 20 ሳምንት ብቆይ ወለዱ ስንት ነው?»

ልጁ በዓመት 7 በመቶ ብሎ አሰላ። «ወደ 250 ብር።»

«እቁብ ያንንም አይሰጠኝም። ግን አምና ታኅሣሥ በርበሬ ረክሶ ሳለ በ3ኛው ሳምንት ደረሰኝ። ከኪሴ የወጣው 3,000 ነበር፤ 17,000ው የሰው ብር ነው። ባንክ ሄጄ 17,000 አበድሩኝ ብል መያዣ አምጪ ሊሉኝ ይችላሉ፤ ወለዱም አለ።»

«መጨረሻ የደረሰውስ?»

«እሱማ ለኛ ያለ ወለድ ሲያበድር ነው የከረመው። ዕቃ እየተወደደ ከሆነ ደግሞ 20,000ው መጀመሪያ ይገዛ የነበረውን አይገዛለትም። ስለዚህ እቁብ ስትገባ ቶሎ ይደርሰኛል ብለህ አታስብ። የቸገረው ሰው ዕጣ ከደረሰው ላይ ይገዛል፤ ሻጩ ትንሽ ጉርሻ ይቀበልና ተራውን ይጠብቃል።»

«አንዱ ወስዶ ቢጠፋስ?»

አያትየው ሳቅ አለች፤ ጥያቄው ደስ ብሏታል።

«ዋናው እሱ ነው። ብሩ የሚሰጠው ዋስ ሲቀርብ ነው። የኛ ዳኛ ዕጣ ያልደረሰውን አባል ዋስ ማድረግ ይወዳል፤ ተዋሹ ቢጠፋ ከዋሱ ዕጣ ይቆረጣላ። የሚጠፋ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያስታውቃል። ብሩን በሰው መላክ ይጀምራል፣ ከዚያ ‹የዚህን ሳምንት ከሚቀጥለው ጋር አጣምሬ› ይላል። ዳኛው ሁለተኛዋን ዝም ካለ፣ እኔ የሚቀጥለው ዙር ላይ የለሁም። ባንክ ላይ እንዲህ ያለ ስጋት የለብህም፤ ብርህን በፈለግህ ቀን ታወጣለህ።»

«ታዲያ ባንኩ አይሻልም?»

«በፈለግህ ቀን ማውጣትህ ነው ችግሩ። ደሞዝህ ከገባ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም።

«ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው ባንክ ይቀመጥ፤ ሰው ሲታመም ዕጣ አይጠበቅም። ለዕቃ የምታስበውን እቁብ ጣለው። የምትጥለው ግን ሥራ ብታጣ እንኳ እስከ መጨረሻው የምትችለውን ያህል ይሁን። 1,000 ለአንተ ይበዛል፤ ከሌላ ሰው ጋር ግማሽ ግማሽ ግባ፤ ሲደርሳችሁ 10,000፣ 10,000 ትካፈላላችሁ።»

«ዋስ ማን ይሆነኛል?»

«እኔ። ግን ሁለት ሳምንት ካዘገየህ ራሴ ነኝ ለዳኛው የምነግረው።»