እንዴት ይሠራል? የመጨረሻው ሚክሰር ስንት ሜትር ኪዩብ ይጫን?

ለማት ፋውንዴሽን የሚሆን ኮንክሪት ከባቺንግ ፕላንት ሲታዘዝ የተለመደው ስሌት አጭር ነው። ርዝመቱ በወርዱ፣ ከዚያም በውፍረቱ ይባዛል፤ “ለሚደፋው” ተብሎ አምስት በመቶ ይጨመርበታል፤ ድምሩ ለአንድ መኪና ጭነት ይካፈልና ስልክ ይደወላል። ይህ አሠራር አንዳንድ ጊዜ ልክ ይመጣል። ልክ ያልመጣ እንደሆነ ግን የሚታወቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሠራተኛው ደክሟል፣ የመጨረሻው መኪና ተራግፏል፣ በአንዱ ጥግ ግን ፌሮው ገና እንዳፈጠጠ ነው።

ማት ፋውንዴሽን ቤቱን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የኮንክሪት ሰሌዳ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ ካልፈቀደ በቀር በአንድ ቀን ሳይቋረጥ መሞላት አለበት። የጎደለው ጥቂት ሜትር ኪዩብ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢመጣ የቀደመው ኮንክሪት መጠጠር ጀምሯል። ግማሹ በበሰለ እንጀራ ጎን አዲስ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው፤ ይነካካሉ እንጂ አይዋሐዱም። በመካከላቸው የሚቀረው ስንጥቅ ከታች ለሚመጣ እርጥበት መንገድ ይሆናል፤ እርጥበቱም ፌሮው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው “ስንት በመቶ እንጨምር?” ሳይሆን ኮንክሪቱ የት የት እንደሚሄድ ማወቅና የመጨረሻውን መኪና በዚያ መሠረት ማዘዝ ነው።

ድሮዊንጉ የሚለው

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 3 ቤት 14 ሜትር በ11 ሜትር የሆነ፣ 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ማት አለ እንበል። ዙሪያውን ደግሞ ከሰሌዳው በታች 30 ሳንቲሜትር የሚወርድ፣ 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የጠርዝ ቢም አለው።

ሰሌዳው 14 × 11 × 0.40 ሲሆን 61.6 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የቢሙ ርዝመት በውጪው ዙሪያ ሲለካ 50 ሜትር ነው። አራቱ ማዕዘኖች ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠሩ ግን መሐል ለመሐል ይለካል፤ 48.4 ሜትር ይሆናል። ይህ በ0.40 እና በ0.30 ሲባዛ 5.8 ሜትር ኪዩብ ይሰጣል። ጠቅላላው 67.4 ነው። ፌሮው ራሱ ቦታ ይይዛል፤ በእንዲህ ያለ ማት ውስጥ ስድስት ቶን ያህል ፌሮ ቢኖር የሚይዘው 0.8 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። በተለምዶ ይህ አይቀነስም፤ እንደ ዝምተኛ መጠባበቂያ ይቆያል።

ኮንክሪቱ የት ይሄዳል?

መሬት ላይ ሲንጠባጠብ የምናየው ከሁሉ ያነሰው ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን የሚበላው ከሥር ያለው ሊን ኮንክሪት ነው። ሊኑ በድሮዊንጉ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ነው፤ ሳይቱ ላይ ግን ጎድጎድ፣ ከፍ ዝቅ ያለ ነው። በ154 ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ዝቅ ቢል 1.5 ሜትር ኪዩብ ተጨማሪ ይውጣል።

ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የጠርዝ ጣውላው ከቆመ በኋላ፣ ፌሮው ከመታሰሩ በፊት፣ ከጣውላ ጣውላ ገመድ ይወጠራል፤ ከገመዱ እስከ ሊኑ ድረስ በየሁለት ሜትር ተኩል ገደማ በሜትር ይለካል። አንዱ ነጥብ 39፣ ሌላው 42 ቢወጣ አያስደንግጥ፤ የሚፈለገው አማካዩ ነው። በምሳሌያችን አማካዩ 40.8 ወጣ እንበል። ስምንት ሚሊ ሜትር በ154 ካሬ ሜትር ሲባዛ 1.2 ሜትር ኪዩብ ነው።

ሁለተኛው በላተኛ ፓምፑ ነው። የተለመደው የፓምፕ ቧንቧ 125 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በየአሥር ሜትሩ 0.12 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ቧንቧው 36 ሜትር ከሆነ 0.44 ገደማ ውስጡ ይቀራል፤ የመቀበያ ገንዳው ደግሞ ሌላ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ያህል ይይዛል። በድምሩ 0.9 ነው። ፓምፕ ሳይኖር መኪናው ራሱ ጠርዙ ድረስ ተጠግቶ በአሸንዳው የሚያፈስስ ከሆነ ይህ ቁጥር ከሒሳቡ ይወጣል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። በቫይብሬተሩ ግፊት ጣውላው ወደ ውጪ ትንሽ ያብጣል፤ ለዚህ 0.3 ይያዝ። ለምርመራ የሚወሰደው ናሙና፣ በድራሙ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውና እውነተኛው ፍሳሽ አንድ ላይ ሌላ 0.3 ይሆናሉ። ለናሙና የሚሞላ አንድ ባለ 15 ሳንቲሜትር ሻጋታ 3.4 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ ስድስት ሻጋታ ቢሞላ እንኳ ሃያ ሊትር ነው።

ድምሩ 2.7 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ከ67.4 ጋር 70.1 ይሆናል። በመቶኛ ሲታይ አራት ነው። ያው ለተለመደው አምስት በመቶ የቀረበ ነው ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሊኑ በአማካይ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል ኖሮ እርሱ ብቻውን ሦስት ሜትር ኪዩብ በልቶ አምስት በመቶው ከሌሎቹ ጋር አይበቃም ነበር። የተለካ ቁጥር ይህን አስቀድሞ ይናገራል፤ መቶኛ አይናገርም።

መኪናው የተባለውን ይዟል?

ሚክሰሮቹ 8 ሜትር ኪዩብ የሚጭኑ ከሆነ ስምንት ሙሉ መኪና 64 ይሆናል፤ ለዘጠነኛው 6.1 ይቀራል። እዚህ ላይ የተደበቀ ጉድለት ሊኖር ይችላል። በማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው 7.7 ቢሆን በስምንት መኪና 2.4 ሜትር ኪዩብ ጠፋ ማለት ነው፤ ለብክነት የያዝነውን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም።

ማጣሪያው ሚዛን ነው። የተለመደ ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል። በአቅራቢያ የመኪና ሚዛን ካለ አንዱ ሚክሰር ሙሉውንና ባዶውን ይመዘን፤ ልዩነቱ 19.2 ቶን ገደማ ከሆነ ጭነቱ ልክ ነው። 18.5 ከሆነ 7.7 ሜትር ኪዩብ ነው። ያ ኮንክሪት በእርግጥ 2.4 መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ የናሙና ሻጋታውን ይመልከቱ፤ በደንብ ተጠቅጥቆ የሞላው ሻጋታ፣ የብረቱ ክብደት ሲቀነስ፣ 8.1 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። መንገዱም ይታሰብ፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ድራም ቀጥ ያለ አቀበት ሲወጣ ቀጭን ኮንክሪት በኋላ በኩል ይደፋል። ሳይቱ ዳገት ላይ ከሆነ ፕላንቱ በአንድ መኪና ስንት እንደሚጭን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ከ8 ወደ 7 ከወረደ የመኪናው ቁጥር ይለወጣል።

ዘጠነኛው መኪና

ልምድ ያለው ፎርማን ጠዋት ለፕላንቱ የሚናገረው እንዲህ ነው፤ “ስምንቱን ሙሉ አከታትላችሁ ላኩ፤ የዘጠነኛውን ልክ እኔ ሳልደውል አትጫኑ።” ፕላንቱም ሲሚንቶና ጠጠሩን አስቀምጦ ይጠብቃል። የጥሪው ሰዓት የሚመረጠው ሰባተኛው ተራግፎ ስምንተኛው በመንገድ ላይ ሳለ ነው።

ሙሌቱ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በ14 ሜትሩ አቅጣጫ ሲሄድ አንድ ሜትር ርዝመት ለሰሌዳው 4.5፣ ለግራና ቀኝ ቢሙ ጥቂት ተጨምሮ 4.75 ሜትር ኪዩብ ያህል ይፈልጋል። በመጨረሻው ጫፍ ያለው ቢም ደግሞ 1.2 ይፈልጋል። ሰባት መኪና ሲራገፍ በስሌታችን መሠረት ያልተሞላው 2.7 ሜትር መሆን ነበረበት። በሜትር ሲለካ ግን 2.9 ሆኖ ተገኘ እንበል። የኮንክሪቱ ግንባር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ተዳፍቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከተዳፋቱ አናትም ከእግሩም ሳይሆን ከመሐሉ ይለካል፤ ከእግሩ የለካ ሰው ቀሪውን አሳንሶ ያዝዛል።

2.9 በ4.75 ሲባዛ 13.8 ነው፤ የጫፉ ቢም ሲጨመር 15። ስምንተኛው መኪና 8 ይዞ እየመጣ ነው። የሚቀረው 7 ነው፤ ግማሽ ሜትር ኪዩብ መጠባበቂያ ተጨምሮ 7.5 ይታዘዛል። ጠዋት በነበረው ወረቀት 6 ቢታዘዝ ኖሮ አንድ ሜትር ኪዩብ ይጎድል ነበር። ለዚህ ሁሉ የዳረገው የሃያ ሳንቲሜትር ልዩነት ነው። የፓምፑ ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ስለቆየ እዚህ እንደገና አይቆጠርም።

ሲተርፍ፣ ሲጎድል

ለሚተርፈው ኮንክሪት ቦታ ቀድሞ ይዘጋጅ። የግቢ መረማመጃ ወይም የቦይ ክዳን የሚሆን ጣውላ ተመትቶ ቢጠብቅ ትርፉ ወደዚያ ይሄዳል። ያልተዘጋጀ እንደሆነ ወይ መንገድ ዳር ይደፋል ወይ ከተፈቀደው ውፍረት በላይ ማቱ ላይ ይከመራል፤ ሁለቱም አያዋጣም።

ቢጎድል ደግሞ ሁለት ነገር ክልክል ነው። አንደኛው የቀረውን ኮንክሪት በውሃ አቅጥኖ ማብዛት ነው፤ የተጨመረው ውሃ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ጊዜ ያለፈበትን ሙሌት እንደ አዲስ ቆጥሮ ዝም ብሎ መቀጠል ነው። የቆየው ኮንክሪት ገና ሕይወት እንዳለው የሚታወቀው በቫይብሬተሩ ነው፤ በራሱ ክብደት ሰጥሞ፣ ሲወጣ ቀዳዳው ቀስ ብሎ ከተዘጋ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ከቀረ ጊዜው አልፏል፤ ሙሌቱ ይቆማል፣ የት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚቀጥል የሚወስነውም መሐንዲሱ ነው።

ከሁለቱ ግን የተረፈው ይሻላል። ግማሽ ሜትር ኪዩብ ትርፍ የግማሽ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል፤ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ጉድለት ግን አዲስ መኪና፣ የፓምፕ የመቆያ ሒሳብና በማቱ ውስጥ ለዘለዓለም የሚኖር መጋጠሚያ ያመጣል። እንግዲህ ኮንክሪት የምታዝዙ ሁሉ፣ ሊኑን ሳትለኩ የመኪና ቁጥር አትናገሩ፤ ቀሪውንም ሳትለኩ የመጨረሻውን መኪና አታስጭኑ።