ሁለት ዓይናፋሮች የት ይቀጣጠሩ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙ ሁለት ዓይናፋሮች ብዙ ጊዜ የሚቀጣጠሩት ካፌ ነው። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለም አጭሩ ዝምታ ይረዝምባቸዋል። ዘፈኑ ጮክ ካለ ደግሞ ባሰ። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 እንዳሳየው፣ ጫጫታ ውስጥ ያለ ሰው ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጮክ ብሎ መናገር የሚከብደው ሰው ግን መልሱን ማሳጠር ይመርጣል።

ምግብ ቤትም ብዙም አይሻልም። ከአንድ ትሪ ለመብላት መቀራረብን ይጠይቃል፤ «ላጉርሳት ወይስ ይቅር?» የሚለው ጭንቀት ብቻውን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሲኒማ ቤት ወሬ የለም።

አዲስ አበባ ላሉ ጥንዶች የተሻለው ምርጫ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዐውደ ርእዩ የተደራጀው በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ በጎልማሳነት አልፎ ሞት ላይ ይደርሳል። ለዓይናፋር ከዚህ የሚመች ቅደም ተከተል ማግኘት ይከብዳል፤ ወሬው ከቀላሉ ይጀምራልና።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛና አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ተቀጣጠሩ እንበል። ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ዓይን ለዓይን የሚተያዩት ሲፈልጉ ብቻ ነው። የልጆች ጨዋታ ያለበት ክፍል ሲደርሱ እሱ «አንቺ ሰፈር ምን ትጫወቱ ነበር?» ይላታል። እሷ ስለ ሰኞ ማክሰኞ ታወራለች፤ ቀጥላም እሱን ትጠይቃለች። ወሬው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ዕቃ ይራመዳሉ፤ ዝምታውም እንደ ማየት እንጂ እንደ መኮራረፍ አይቆጠርም። የንጉሡ መኝታ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ አስተያየት የሌለው ሰው ብርቅ ነው።

ጉብኝቱ ማብቂያ አለው። መለያየት የፈለገ ያለ ሰበብ ይሰናበታል፤ መቆየት የፈለገ «ማኪያቶ እንጠጣ?» ይላል። ያኔ ካፌው አያስፈራም፤ የሚያወሩበት ነገር ይዘው ገብተዋልና። ቢቻል በጠረጴዛው ማዕዘን ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይመረጣል።

አስጎብኚ አለመያዝ ይሻላል፤ እሱ ሲያወራ ሁለቱ አድማጭ ሆነው ይቀራሉና። ደግሞም ዓይናፋርነትንና አለመፈለግን መለየት ያስፈልጋል። ዓይናፋር በአጭሩ ቢመልስም ቆይቶ የራሱን ጥያቄ ይወረውራል። ከክፍል ክፍል አንድም ጥያቄ ሳይመልስ ስልኩን ብቻ የሚነካካ ሰው ካጋጠመ ግን ቦታ በመቀየር የሚፈታ ነገር የለም፤ በጨዋነት መሰናበት ነው።

ተማሪዎች በብዛት የሚጎበኙበት ቀን ጸጥታ አይገኝምና ከመቀጣጠር በፊት ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ሰዓት መጠየቅ፣ የመግቢያውን ዋጋ ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ መነጋገር አይዘንጋ።